እንቁ «ሊሆን ይችላል» ማለት የተማረችበት ዓመት

ዳንግላ ውስጥ «እንቁ ‹ይመስለኛል› ስትል ሰማሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ውሸታም ነው። እንቁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ላም ስታይ፣ በግ ስታይ፣ ፈረስ ስታይ ኖራለች፤ አንድ ቀን አመንትታ አታውቅም። ገበሬው ጥጃውን እየጎተተ ገና ግቢውን ሳያልፍ «ይሄ የሳንባ ነው፣ አስገባው» ትለዋለች። ገበሬውም ደስ ይለዋል፤ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣው ቁርጡን ለመስማት ነዋ።

ከእሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ደግ ሰው ነበር። ጉድለቱ «እስቲ እናያለን» ማለት መውደዱ ነው። ሕዝቡ ስሙን ትቶ «እስቲ እናያለን መጣ፣ እስቲ እናያለን ሄደ» ይለው ጀመር፤ ሲዛወርም በዚሁ ስም ተሸኘ። እንቁ ይህን በዓይኗ አይታለች። ሥራ በጀመረች ዕለት «እኔን እንዲህ የሚለኝ ሰው አይኖርም» ብላ ለራሷ ቃል ገባች፤ ቃሏንም ጠበቀች።

አትሳሳትም ወይ? እንዴታ፣ ትሳሳታለች። ስትሳሳትም ግን በሙሉ ልቧ ነው። አንዴ የአንዱን ገበሬ ላም «ባዶ ናት፣ አላረገዘችም» ብላ ሰደደቻት። ላሚቱ ባምስተኛው ሳምንት ወለደች። ሰውየው ጥጃውን ተሸክሞ መጥቶ ጠረጴዛዋ ፊት ሲያቆመው፣ እንቁ ከላይ እስከ ታች አየችውና «እንግዲህ ወልዳለች» አለች፣ ራሷ ያዋለደቻት ያህል ተማምና። ሰውየው ምን ይበል፤ ጥጃውን ይዞ ተመለሰ።

ያሳደጓት አጎቷ አያ ምህረቴ ናቸው። አያ ምህረቴ በከተማው ካሉት ባለጋሪዎች በዕድሜ አንጋፋው ሲሆኑ፣ ፈረሳቸው ዳማ ይባላል። ዳማን የሚያናግሩት በአገውኛ ብቻ ነው፤ «አማርኛ ለትራፊክ ፖሊስ ነው» ይላሉ። እናቷ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችውን እንቁን በጋሪ አምጥተው፣ በጋሪ ትምህርት ቤት አመላልሰው፣ ሥራ የጀመረች ዕለትም በጋሪ እስከ ቢሮዋ በር አድርሰዋታል። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ያላቸው እሷና ዳማ ናቸው፤ ማን እንደሚበልጥባቸው ጠይቃቸው አታውቅም።

እንቁ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ብላ ተመዘገበች። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እንጅባራ ትሄዳለች፣ እሑድ ማታ ትመለሳለች። ለመመረቂያ ጥናቷ ርዕስ ለመምረጥ ሩቅ አልሄደችም፤ የጋሪ ፈረሶች ገጣባ ነው። ገጣባ የጭነት ከብት ጀርባ ሲፋቅ የሚወጣው ቁስል ነው። በፈረሱ ጀርባና በጋሪው ጠፍር መካከል ድልድል ይደረጋል፤ ግማሹ ባለጋሪ ድልድሉን የሚሠራው ከማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ ግማሹ ደግሞ በበግ ጠጉር ሞልቶ ያሰፋል። የትኛው ይሻላል? የእንቁ ጥያቄ ይህ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መልሱን ከጥያቄው በፊት ነበር የያዘችው።

ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሁለቱ የጋሪ ፌርማታዎች ላይ ቆማ፣ የመቶ ሃያ ፈረስ ድልድል አንድ በአንድ እያነሳች አየች። ሁለቴ ተነከሰች፣ አንዴ ተረገጠች። ስትጨርስ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከረጢት ከሚደረግላቸው ሰባ ፈረሶች ሠላሳ ዘጠኙ ገጣባ አለባቸው፤ የበግ ጠጉር ከሚደረግላቸው አምሳ ፈረሶች ግን አሥራ አራቱ ብቻ። ዳማ ከሰባዎቹ አንዱ ነበር፤ ያን ጊዜ ጀርባው ንጹሕ ነበር። እንቁ ይህንንም መዝግባለች፤ ግን አንድ ፈረስ ምን ያደርጋል ብላ አለፈችው።

ከዚያ ተቀምጣ ጻፈች። ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛም ቢሆን እንቁ እንቁ ናት። «የማዳበሪያ ከረጢት ፈረስ ያቆስላል። የበግ ጠጉር ገጣባን ይከላከላል። ይህ ጥናት ይህንን አረጋግጧል።» ደስ አላት። ደስታዋ ስላላስቀመጣት ይኸንኑ ባንድ ገጽ አማርኛ አሳጥራ ለጋሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቶ አዝመራው ሰጠች። አቶ አዝመራው በጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ማስታወቂያ መለጠፍ የሚወዱትን ያህል ምግብ አይወዱም። ወረቀቱን አንብበው «እንዲህ ነው ምሁር!» አሏት። እንቁ ያን ቀን ወደ ቤቷ የሄደችው እግሯ መሬት ሳይነካ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጅባራ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አማካሪዋ ዶክተር ውብአየሁ ጽሑፏን ዘርግተው ጠበቋት። ቀይ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ የጨፈረበት ይመስላል።

«እንቁ፣ ‹ሜይ› የት አለ?» አሏት።

«ምን?»

«‹ሜይ›። ሊሆን ይችላል። ‹ሰጀስት› የት አለ? ይጠቁማል። ‹አፒር›፣ ይመስላል። ሠላሳ ስምንት ገጽ አንብቤ አንድ አላገኘሁም።»

እንቁ ደሟ ፈላ። «ዶክተር፣ እኔ ሁለት ወር ሙሉ ፈረስ ጀርባ ሥር የከረምሁት ‹ይመስላል› ለማለት አይደለም። ሲነክሰኝ እኮ የሚነክስ ይመስላል አላልሁም።»

ዶክተር ውብአየሁ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ከረጢቱ ሲያቆስል አይተሻል?»

«ሠላሳ ዘጠኝ ፈረስ ቆስሏል።»

«እሱን አልጠየቅሁም። ቁስሉን አይተሻል፣ ከረጢቱንም አይተሻል። ከረጢቱ ሲያቆስል አይተሻል ወይ? ምናልባት የበግ ጠጉር የሚያሰፋ ሰው ፈረሱን የሚወድ ሰው ነው፤ ውኃ በሰዓቱ ያጠጣል፣ ጭነት ይቀንሳል። ታዲያ ፈረሱን ያዳነው ጠጉሩ ነው ሰውየው? አንዱ ደግሞ ፈረሱ ከቆሰለ በኋላ ነው ጠጉር የገዛው። ያ ሰው በየትኛው ዓምድ ነው የገባው?»

መልስ ማጣት ለእንቁ አዲስ ነገር ስለሆነ ፊቷን ምን እንደምታደርገው አታውቅም ነበር፤ ወረቀቷን ሰብስባ ብድግ አለች።

«አንች ባለጋሪዎቹን ከልክ በላይ ትጭናላችሁ እያልሽ ትቆጫለሽ» አሏት ዶክተሩ በሩ ላይ ስትደርስ። «እስቲ አንድ ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ስንት ኩንታል እንደጫንሽበት እይው።»

በሚኒባሱ ውስጥ ሙሉውን መንገድ ስትብከነከን መጣች። ይህ የምሁራን ፈሪነት ነው አለች። ‹እስቲ እናያለን› ዲግሪ ይዞ ተመለሰ አለች። ከዚያ እልህ ያዛት። «‹ይመስላል› ከፈለጉ ‹ይመስላል› ይጠግባሉ» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ጽሑፉን እንደ አዲስ አረሰችው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ዶክተር ውብአየሁ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እያሰሙ ወደ አማርኛ መለሱት። «‹በዳንግላ ከተማ ያሉ የሚመስሉ አንዳንድ ፈረሶች ምናልባት ገጣባ የሚመስል ነገር ሊኖራቸው እንደሚችል የሚጠቁም ሁኔታ ሊኖር የሚችል ይመስላል።›» መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። «እንቁ፣ ይህን አንብቤ ዳንግላ መኖሯን ራሱ ተጠራጠርሁ።»

«እርስዎ ነዎት ያሉኝ።»

«ፈረሶቹን ቆጥረሻቸዋል?»

«መቶ ሃያ።»

«በእጅሽ ነክተሻቸዋል?»

«ይኸው ጠባሳው» አለች ክንዷን ገልጣ።

«ታዲያ ያሉ የሚመስሉ ማለት ምንድን ነው?»

እንቁ ሳታስበው ሳቀች። ዶክተሩም ሳቁ። ከሳቅ በኋላ ሰው መስማት ይቀለዋል፤ ዶክተር ውብአየሁም ይህን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ።

«ያየሽውን፣ የቆጠርሽውን፣ እንዳየሽው ጻፊ። ከሰባው ሠላሳ ዘጠኙ ገጣባ ነበረባቸው፤ አለቀ። እዚህ ላይ ‹ይመስላል› የሚል ሰው ዓይኑን የካደ ሰው ነው። ቁጥሩ ምን ይነግረናል ስትይ ግን ከፈረሱ ጀርባ ወርደሽ ወደ ራስሽ ሐሳብ ገባሽ። እዚያ ‹ይጠቁማል› በይ፤ ምክንያቱም ማስረጃ አለሽ፣ ግን ማስረጃው ሌላ መንገድም አልዘጋም። ለምን ቆሰሉ ስትይ ደግሞ፣ ከረጢቱ ላብ ስለሚያምቅ ነው፣ ስለሚፈገፍግ ነው፣ ያንን ለክተሻል?»

«አልለካሁም።»

«እንግዲያው ‹ሊሆን ይችላል› ነው። በትንሹ ፌርማታ ያየሻቸው ፈረሶች አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፤ ልዩነቱ እዚያም አለ ለማለት ‹ይመስላል› ይበቃሻል። ደግሞ አንድ ቦታ አንድ ቃል። ‹ምናልባት ሊሆን ይችል ይመስላል› ያለ ሰው ሦስቴ ነው የሸሸው።»

«ሰው ግን ይንቀኛል» አለች እንቁ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። በእርግጥ የፈራችው ይህንን ነበር። «‹ሊሆን ይችላል› ስል አታውቅም ይለኛል።»

«የምታውቂውን ከማታውቂው ለይተሽ ከነገርሽው፣ አውቃለሁ ስትይ ያምንሻል። አሁን እኮ ስትሳሳችም ስታውቂም ድምጽሽ አንድ ነው፤ ሰሚው በምን ይለየው?»

እንቁ ስለዚያች ላም አሰበች። ጽሑፏን ለሦስተኛ ጊዜ ይዛ ገባች። በዚህኛው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «አይቼሃለሁ ወይስ ገምቼሃለሁ?» እያለች ትጠይቀው ጀመር። ብዙዎቹ ሲጠየቁ አፈሩ። ለምሳሌ «የበግ ጠጉር ገጣባን ይከላከላል» የሚለው፣ ተመርምሮ ተመርምሮ፣ «የበግ ጠጉር ድልድል ባላቸው ፈረሶች ላይ ገጣባ በቁጥር ያነሰ ነበር፤ ይህም ድልድሉ ሊረዳ እንደሚችል ይጠቁማል» ሆኖ ወጣ። ረዘመ፣ ግን ሲነካ አይወላወልም። ዶክተር ውብአየሁ አነበቡና ቀይ እስክሪብቷቸውን ከደኑት። ጥናትሽን ፈታኞች ፊት ለመከላከል ቅረቢ አሏት።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ያችን አንድ ገጽ አማርኛ እንቁ ረስታታለች፤ አቶ አዝመራው አልረሷትም።

ሰኞ ጠዋት አያ ምህረቴ ቢሮዋ ድረስ መጡ። ተቀመጡ ስትላቸው አልተቀመጡም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆሙ፤ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ።

«ፌርማታው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል» አሉ። «ኸኅዳር አንድ ጀምሮ የከረጢት ድልድል ያለው ጋሪ ኸተማ አይገባም ይላል። ‹በእንቁ ጥናት እንደተረጋገጠው› ይላል። ስምሽን እኔ አላነበብሁም፤ ልጆች ናቸው ያነበቡልኝ። አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ አያ» አለች እንቁ።

«ዳማ አሥራ አንድ ዓመት ከረጢት ነው የለበሰ። ጠጉር ባለብሰው ያልበዋል፣ ይደነብራል፣ ሞክሬዋለሁ። በሰባ ዓመቴ ምን ልሥራ? ባጃጅ ልንዳ?» ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ካረጋገጥሽው ግን አረጋገጥሽው ነው። አንች ካልሽ አለቀ፤ ይኸው ነው ሁሌም።»

ይህን ያሉት በቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። በኩራት ነበር ያሉት። እንቁ እሳቸው ከወጡ በኋላ በሩን ዘግታ አለቀሰች፤ ያለቀሰችውም ለአጎቷ ብቻ አይደለም፣ ያላረጋገጠችውን አረጋገጥሁ በማለቷ አፍራ ነው።

ከዚያ ተነስታ አቶ አዝመራው ዘንድ ሄደች።

«ማስታወቂያውን ያንሱልኝ። ያ ወረቀት ከልኩ በላይ ተጽፏል።»

አቶ አዝመራው ጥርሳቸውን ያመማቸው ያህል ፊታቸውን አጨማደዱ። «ምሁር ቃሉን ያነሳል እንዴ? ማኅተም እኮ አድርጌበታለሁ። ይልቅ ሐሙስ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ባለጋሪዎቹም ይመጣሉ፤ እዚያው ቁመሽ ተናገሪ። ድፍረቱ ካለሽ ማለቴ ነው።»

ሐሙስ ፌርማታው ላይ ሰው ከፈረስ፣ ፈረስ ከሰው ተደባልቆ ቆመ። አያ ምህረቴ ከኋላ ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊት የቆመው ነጋ ነው፤ የበግ ጠጉር ድልድል ያላቸው ባለጋሪዎች አፈ ጉባኤ፣ ማስታወቂያው ከተለጠፈ ጀምሮ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ጎልማሳ።

«እትየ እንቁ» አለ ነጋ፣ «አንድ ቃል ነው የምንፈልግ። ከረጢት ያቆስላል ወይስ አያቆስልም?»

እንቁ አፏን ከፈተች። አሥራ ሁለት ዓመት የለመደችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ፤ «ያቆስላል» ብላ ብትገላገል ማንም አይንቃትም። የሚያጨበጭብላትም አይጠፋም።

«አላውቅም» አለች።

ጉምጉምታ ተነሳ። አንዱ «እስቲ እናያለን ተመለሰ» አለ፤ ሳቁባት። ጆሮዋ ጋለ፤ ግን አልተቀመጠችም።

«የማውቀውን ልንገራችሁ። መቶ ሃያ ፈረስ አይቻለሁ። ከረጢት ካላቸው ሰባው ሠላሳ ዘጠኙ ቆስለዋል። ጠጉር ካላቸው አምሳው አሥራ አራቱ። ይሄን ማንም አያስቀይረኝም፤ እጄ ነው የነካው። ጠጉር ይሻላል ወደሚለው ይጠቁማል። ግን ያቆሰለው ከረጢቱ ነው፣ ጭነቱ ነው፣ የባለቤቱ ግዴለሽነት ነው? አልለየሁትም። ነጋ፣ የአንተ ፈረስ ገጣባ ነበረበት፤ መቼ ነው ጠጉር የገዛህለት?»

ነጋ ወደ ፈረሱ ዞረ፣ ፈረሱ የሚመሰክርበት ይመስል። «ከቆሰለ በኋላ ነው።»

«ከቆሰለ በኋላ። እኔ ግን ስቆጥር ጠጉር ለብሶ የቆሰለ ብዬ ነው የጻፍሁት። በአንተ ፈረስ ብፈርድ ጠጉር ያቆስላል ማለት ነው። በዳማ ብፈርድ ደግሞ ከረጢት ያድናል። ሁለቱም ልክ አይደለም።»

አሁን የሳቁት በነጋ ነው። አቶ አዝመራው እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉ። «ታዲያ እኛ ምን እንለጥፍ? ‹ይጠቁማል› ተብሎ አዋጅ ይወጣል?»

«አይወጣም» አለች እንቁ። «በጠቆመው ላይ አይታወጅም፤ በሚታየው ላይ ነው። ድልድሉን ተውት፣ ጀርባውን እዩ። በየሰኞው ጠዋት ድልድሉ ይነሳና ገጣባ ያለበት ፈረስ እስኪድን ይረፍ፤ ከረጢትም ይልበስ ጠጉር። ጠጉር ማሰፋት ለሚችል ደግሞ ይሻላል ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ ምከሩ። ያቺን ወረቀት እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔው አርማታለሁ።»

ክርክሩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘለቀ፤ ምክንያቱም ማንም ሰው በነፃ የተሰጠውን ክርክር አይተውም። በመጨረሻ ግን ተስማሙ። አቶ አዝመራው አዲስ ማስታወቂያ ጻፉ፤ ማኅተሙ ከቀድሞው በለጠ።

አያ ምህረቴ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኑ። «ይጠቁማል እንጂ አላረጋገጠም!» እያሉ ለተሳፋሪው ሁሉ ያስተምራሉ። በሦስት ቀን ውስጥ ፌርማታው በሙሉ ምሁር ሆነ። ትራፊክ ፖሊሱ «አምስት ሰው ጭነሃል» ሲለው፣ ባለጋሪው «አምስት የሚመስሉ ናቸው ጌታዬ፣ ገና አልተረጋገጠም» ይለዋል። ሚስቶች ባሎቻቸውን «የት አመሸህ?» ሲሉ «ስብሰባ ላይ ሊሆን ይችላል» የሚል መልስ ይሰጣቸው ጀመር። እንቁ ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ ትቀመጣለች። ለአንዱም፣ ለሁለቱም «ቃሉ ለማታውቁት ነው፤ ስንት ሰው እንደጫናችሁማ ታውቃላችሁ» ብላ ለማስረዳት ሞከረች። ሰሚ አላገኘችም፤ እንዲህ የሚመች ቃል ከተገኘ ማን ይለቃል።

የመጀመሪያው ሰኞ ደረሰ። ጎህ እንደቀደደ ጋሪዎች ተሰለፉ። እንቁ መዝገቧን ይዛ፣ አቶ አዝመራው ከጎኗ ቆመው፣ ምርመራው ተጀመረ። ሁለት ከረጢት ለባሽ ፈረሶች ገጣባ ተገኘባቸው፣ አረፉ። አንድ ጠጉር ለባሽም አረፈ። ነጋ አለፈ፤ ፈረሱ ድኗል።

አያ ምህረቴ ተራቸው ሲደርስ በደስታ ነበር የቀረቡት። ነጠላቸው ታጥቧል። «በይ እይው እንቁየ። ምሁር ያጸደቀው ጀርባ ነው» አሉ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው።

እንቁ ከረጢቱን አነሳች።

ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ጠፍሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ፀጉሩ ተላልጧል። መሐሉ ቀይ ነው፣ ያዣል። ዝንብ አርፎበታል። ዳማ ቆዳውን አንቀጠቀጠ። በእጇ ጀርባ ዙሪያውን ነካችው፤ ሞቋል። አያ ምህረቴ እጃቸው ልጓሙ ላይ ቀረ፤ ቁስሉን ሰሞኑን እያወቁ ማየት እንዳልፈለጉ ከፊታቸው ገባት።

ጠጋ አሉና በአገውኛ፣ ለዳማ ብቻ በሚያወጡት ለስላሳ ድምፅ፣ ስሟን ጠሯት። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፦

«የሚመስል ነገር አለ በይ። ‹ገጣባ ሊሆን ይችላል› በይ። አንች ራስሽ ያመጣሽው ቃል ነው።»

አቶ አዝመራው እርሳሳቸውን አቁመው ይጠብቃሉ። የተሰለፉት ሁሉ አንገታቸውን አስግገዋል። እንቁ በልጅነቷ ከዚህ ሰው ጀርባ ተቀምጣ የሄደችበት መንገድ ሁሉ ባንዴ ዓይኗ ላይ መጣ። አንዲት ቃል ናት፤ ሐሙስ ስትከራከርላት የነበረች፣ ማንም የማይነቅፋት ቃል።

«አያ» አለች፣ «ይሄን እኮ አየሁት።»

መዝገቡ ላይም «ዳማ፤ ገጣባ አለ፤ ሦስት ሳምንት ይረፍ» ብላ ጻፈች።

አያ ምህረቴ ዳማን ከጋሪው ፈቱ። ጋሪውን ከግንቡ አስደግፈው፣ ልጓሙን ይዘው ጥቂት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ሲመለሱ ከረጢቱን በብብታቸው ይዘውታል። ወደ እሷ ዘረጉት።

«እንግዲያ ንገሪኝ» አሉ። «እሱ ነው ያቆሰለብኝ?»

እንቁ ያ ድሮ የምታውቀው መልስ መጣባት። ብትናገረው ያምኗታል፤ ሁሌም አምነዋታል። ምናልባትም ያጽናናቸው ነበር፣ የሚጠሉት ነገር ያገኙ ነበርና።

«ሊሆን ይችላል አያ» አለች። «ጠፍሩም ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜውም። አላውቅም። ማታ እመጣና አብረን እናጥበዋለን።»

አያ ምህረቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከረጢቱን አልጣሉትም። ፈረሱን እየመሩ፣ ቁስሉ ካለበት ጎን እንዳይነኩት ተጠንቅቀው፣ በመንገዱ ዳር ቀስ ብለው ሄዱ።